ዋጋችንን በኢሜይል ስንጽፍ



ወረታ ገበያ ላይ ሩዝ ስንሸጥ ገዢው እህሉን ዘግኖ ያያል፤ እኛም ፊቱን እያየን እንደራደራለን። በኢሜይል ግን ፊት አይታይም። ስለዚህ ገዢው እንዳይቀየም ብለን «ክፍያው እንደተመቻችሁ» እንጽፋለን። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ እኛ ሳምንት ስናስብ እሱ ሁለት ወር ያስባል።

ለምሳሌ አንድ የባሕር ዳር ሆቴል 20 ኩንታል የተፈተገ ሩዝ ፈልጎ «በ30 ቀን ልክፈል» ቢለን፣ «አይሆንም» ከማለት ሁለት ምርጫ እንስጠው፦

«ስለ ትዕዛዝዎ እናመሰግናለን። ግማሹ በቅድሚያ፣ ቀሪው በርክክብ ቀን ከተከፈለ ኩንታሉ 8,000 ብር፣ ድምሩ 160,000 ብር ነው። ከርክክብ በኋላ በ30 ቀን ከሆነ ኩንታሉ 8,200፣ ድምሩ 164,000 ብር ይሆናል፤ ልዩነቱ ክፍያው እስኪገባ ለአባሎቻችን ከቁጠባችን ስለምንከፍል ነው። ኩንታሉ ያለ ጆንያው 100 ኪሎ ነው። መጫኛና መጓጓዣ በገዢ ይሸፈናል። ዋጋው እስከ ጥር 20 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጸናል። የትኛው ይሻልዎታል?»

እዚህ ውስጥ የቁጣ ቃል የለም። ቁጥሩ ከነምክንያቱ ተነግሯል፤ መጨረሻው ጥያቄ ስለሆነ ምርጫው የገዢው ነው። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ያልነው በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠሩ ድርጅቶች ስላሉ ነው።

ገዢው ደውሎ ከተስማማም በዚያው ቀን «በስልክ እንደተነጋገርነው» ብለን ቁጥሩን መልሰን እንጻፍለትና «ትክክል ነው» የሚል መልሱን እንጠብቅ። መልሱ ሳይመጣ ሩዙ አይጫንም።