ስቱኮ ሳይሸፍነው ብሎኑን እንቁጠር

እህቶቻችን፣ የአምበር ክፍላችንን የጂፕሰም ኮርኒስ ክፍያ ከማጽደቃችን በፊት ብሎኑን እንቁጠር፤ ስቱኮ ከተቀባ በኋላ አይታይም። 1.20 በ2.40 ሜትር የሆነ ቦርድ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ በተዘረጋ የኮርኒስ ብረት ላይ ሲገጠም 7 ብረት ያገኛል። በእያንዳንዱ ብረት በየ20 ሳንቲ ሜትሩ 7 ብሎን ሲገባ፣ በድምሩ 49 ይሆናል። ካነሰ ቦርዱ ውሎ አድሮ ይረግባል። ጭንቅላቱ ወረቀቱን የቀደደ ብሎን ስለማይዝ አንቆጥረውም፤ ከጎኑ ሌላ ይግባ።

የቦርዶቹ አጫጭር ጫፎች ብረት ላይ ይገናኙ። የአጎራባች ረድፎች መገጣጠሚያ ግን በአንድ መስመር ከዋለ፣ ስንጥቁ ያንን መስመር ይከተላል።

ቦርዱ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ ብቻችንን ስንሠራ ሁለት የቲ ቅርጽ ያላቸው የእንጨት ድጋፎች ያስፈልጉናል። አንዱን ከብረቱ ጥቂት ጣት ዝቅ አድርገን ግድግዳው ላይ እናስራለን፤ የቦርዱን ጫፍ በክፍተቱ እናስገባለን። ሌላውን ጫፍ አንስተን በሁለተኛው ድጋፍ እንወጥራለን። ከዚያ ከመሃል ወደ ጠርዝ እናስራለን።