የድምፅ ማስታወሻን ወደ ጽሑፍ ስለ መለወጥ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የሥራ ቦታ ጎብኝቶ የተመለሰ መሐንዲስ ያየውን በእስክሪብቶ ከመጻፍ ይልቅ ለእጅ ስልኩ መናገር ከጀመረ ሰንብቷል። መናገሩ ቀላል ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብቻውን ሆኖ የሚናገር ሰው የሚያቋርጠውና «የትኛውን ማለትህ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ስለሌለ፣ ነገሩን የሚያነሣው በቅደም ተከተል ሳይሆን ትዝ ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያ ያጸናውን በኋላ ያፈርሳል፤ ያየውንና የሰማውን፣ የሰማውንና የገመተውን በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። ይህን ቃል በርእስ ከፋፍሎ የሚያሰናዳ ሰው ዋና ኃላፊነቱ ማሳጠር ይመስለዋል። ከማሳጠር የሚቀድመው ግን እያንዳንዱ ቃል በተነገረበት የእርግጠኝነት ደረጃ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

ለምሳሌ ያህል ይህ ጉዳይ ይወሰድ። አንድ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ማክሰኞ ቀን በመሠራት ላይ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ የትምህርት ቤት ሕንፃ ሲመረምር ይውላል። የአንደኛው ፎቅ ቢምና ሶሌታ ፌሮ ታስሮ አልቋል፤ አርማታው የሚሞላው ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። መሐንዲሱ ባረፈበት ሆቴል ድካም ተጭኖት የ9 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ቃል ቀርጾ በሥራው ቦታ ለሚገኘው ረዳቱ ይልካል። የተናገረው ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። ረዳቱ ቃሉን ያገኘው ጎሕ ሲቀድ ነው።

የመጀመሪያው ማድመጥ ያለ እስክሪብቶ ነው። ረዳቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ አንሥቶ ቢጽፍ ኖሮ «ስታፋው በሃያ በሃያ ታስሯል፣ ደኅና ነው» የሚለውን እንደ ተረጋገጠ ነገር አስፍሮ ባለፈ ነበር። ነገር ግን በ6 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ላይ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ ሲናገር ቆይቶ፣ ድምፁ ይመለሳል፦ «አይ፣ ቆይ፤ ሃያ ያልኩት መካከሉን ነው። ዓምዱ አጠገብ በዐሥር መሆን አለበት፤ እሱን አላየሁትም።» ቢም ከዓምድ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ የሸር ኃይሉ ስለሚበረታ ስታፋው እንዲቀራረብ ስዕሉ ያዝዛል። ስለዚህ ዋናው ቁም ነገር ያለው በእርማቱ ላይ ነው። የኋላው ቃል የፊቱን እንደሚሽር የሚታወቀው ሁሉም ከተደመጠ በኋላ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ማድመጥ እያንዳንዱ ነገር በአንድ መስመር ይጻፋል፤ በግራው በኩል የተነገረበት ደቂቃ፣ በቀኙ በኩል የታየ፣ የተሰማ፣ የተገመተ ወይም የተወሰነ መሆኑ ይመዘገባል። እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ የሆነ ወጥመድ አለው። በአማርኛ ግሥ የዓረፍተ ነገር መደምደሚያ ስለሆነ፣ አዎንታና አሉታው፣ የተፈጸመውና የታሰበው የሚለዩት በመጨረሻው ቃል ነው። የደከመ ሰው ድምፅ የሚወርደው ደግሞ በዚሁ ቦታ ነው። በ4 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ላይ «የመብራቱ ቧንቧ ከፌሮው ጋር ታስሮ…» ይልና ቃሉ ይጠፋል። ታስሮ አየሁት? ታስሮ አላየሁትም? ታስሮ ይቆይ? ሦስት ጊዜ ተደምጦ ያልተለየ ቃል በግምት አይሞላም። «አልተሰማም» ተብሎ ተጽፎ ተናጋሪው ይጠየቃል።

የግምት ቃላትም እንዲሁ ይጠበቃሉ። «የሰባት ቀኑ ናሙና ውጤት ዝቅ ያለ መሰለኝ» ያለው ሰው ወረቀቱን አላየም። ጸሐፊው ለጽሑፍ አማርኛ አይስማማም ብሎ «መሰለኝ»ን ቢያስወጣት «ውጤቱ ዝቅ ያለ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወለዳል፤ ማስታወሻውን የሚያነብ ሁሉ አርማታው ደካማ መሆኑን እንደ ተረጋገጠ ነገር ይቀበለዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «ነገ» ነው። መሐንዲሱ «ነገ ከሙሌቱ በፊት ይታይ» ብሏል። በኢትዮጵያ ልማድ ሳይነጋ ቀኑ አይለወጥምና ለተናጋሪው ሌሊቱ ገና የማክሰኞ ነው፤ ነገ ማለቱም ረቡዕ ነው። ስልኩ ግን ቃሉን የመዘገበው ረቡዕ 00:20 ብሎ ነው። በስልኩ ቀን ብቻ የሚመራ ሰው ነገን ሐሙስ ያደርገዋል፤ ሐሙስ ደግሞ ስታፋው አርማታ ውስጥ ተቀብሯል። ስለሆነም «ነገ»፣ «ከትናንት ወዲያ»፣ «እሱ»፣ «እዚያ» የሚሉ ቃላት በማስታወሻው ላይ አይቀመጡም፤ በዕለት፣ በሰውና በቦታ ስም ይተካሉ።

ከወሬው የሚጣለው ብዙ ነው፤ የምሳው ነገርና ከአንድ ተቋራጭ ጋር የነበረው የቆየ ክርክር ለማስታወሻው አይጠቅሙም። ይሁን እንጂ ስለ መንገዱ ብልሽት በተነገረው ረጅም ምሬት መካከል «የውኃ ቦቴው ወንዙን አልተሻገረም አለኝ ሾፌሩ» የሚል ሐረግ ይገኛል። ያለ ውኃ አርማታ አይቦካም፣ ከተሞላም በኋላ አይጠጣም። ስለዚህ ምሬቱ ተጥሎ ሐረጉ ይወሰዳል።

ርእሶቹ የሚወጡት ነገሩ በኋላ ከሚፈለግበት ቦታ ነው እንጂ ከአነጋገሩ ቅደም ተከተል አይደለም። «ልዩ ልዩ» የሚል ርእስ ደግሞ ጸሐፊው ማሰብ ያቆመበትን ስፍራ ከማመልከት በቀር ጥቅም የለውም።

የሚሠሩ ሥራዎች ዝርዝር አጭር መሆን ይገባዋል። በዚህ ቃል ውስጥ «አለበት» ዐሥራ አንድ ጊዜ ተነግሯል፤ «ተቋራጩ የተሻለ ፎርማን መቅጠር አለበት» የሚለው ጭምር ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህ ቁጣ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ማን እንደሚሠራው፣ እስከ መቼና መፈጸሙ በምን እንደሚታወቅ ሊመለስለት የማይችል «አለበት» ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል። ረዳቱ ያሰናዳው ማስታወሻ እንዲህ ይነበባል፦

የአንደኛው ፎቅ ቢም
ስታፋ በመካከል በየ20 ሳንቲ ሜትር ታስሯል (የታየ፣ 0:50)። በዓምዶች አጠገብ 10 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ አልታየም (6:30)።

ሶሌታ
የመብራት ቧንቧ፦ መታሰሩ አልተሰማም (4:05)፤ ተናጋሪው ይጠየቅ።

አርማታና ውኃ
የ7 ቀን ናሙና ውጤት ዝቅ ሳይል አይቀርም (የተገመተ፣ 3:10)፤ ወረቀቱ አልታየም።
የውኃ ቦቴ ወንዙን አልተሻገረም (ከሾፌሩ የተሰማ፣ 7:45)።

ረቡዕ ከሙሌቱ በፊት የሚሠሩ
1. በዓምዶች አጠገብ የስታፋውን ርቀት መለካት፤ ረዳት መሐንዲሱ፣ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፤ ልኬቱ በመዝገብ ይጻፍ።
2. የናሙናውን ውጤት ወረቀት ከላቦራቶሪ ማስመጣት፤ ረዳት መሐንዲሱ፣ እስከ 5 ሰዓት።
3. በበርሜሎቹ ያለውን ውኃ መቁጠር፤ ፎርማኑ፣ እስከ 4 ሰዓት።

ይህ ገጽ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት ለተናጋሪው በስልክ ተነበበለት። የቧንቧውን ጉዳይ «ታስሮ አይቼዋለሁ» ብሎ አስተካከለ፤ የተቀረውን አጸደቀ። በ3 ሰዓት ሲለካ በሁለት ቢሞች ላይ የ20ው ርቀት እስከ ዓምዱ ደርሶ ተገኘ፤ ሙሌቱም ስታፋው እስኪጨመር ወደ ሐሙስ ተዛወረ። የተቀረጸው ድምፅ ሦስቱም ሥራዎች ተፈርመው እስኪዘጉ ድረስ ሳይሰረዝ ተቀመጠ፤ በየመስመሩ የተጻፉት ደቂቃዎች ወደ እርሱ የሚመልሱት ድምፁ እስካለ ድረስ ነውና።