የቦንድ ትርፍ ሲበዛ ምን ይነግረናል?

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ቦንድ የብድር ሰነድ ነው። የገዛው ሰው አበዳሪ፥ ያወጣው መንግሥት ወይም ኩባንያ ተበዳሪ ይሆናል። በአብዛኛው ቦንድ ላይ የተጻፈው ወለድ እስከ መጨረሻው አይለወጥም፤ ሰነዱ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጥበት ዋጋ ግን ይወጣል፥ ይወርዳል። ስለዚህ የገዢው ትርፍ የሚታወቀው ከተጻፈው ወለድ ብቻ ሳይሆን ከከፈለውም ዋጋ ነው። ይህንን በአገራችን ምሳሌ እንመልከተው።

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. በውጭ ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠች። ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ሲሆን፥ ዋናው ገንዘብ የሚመለሰው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው ቀኑ ሊደርስ አንድ ዓመት ሲቀረው የ1,000 ዶላሩን ሰነድ በ700 ዶላር ገዛ እንበል፤ ዋጋውን የወሰድነው ለስሌት ያህል ነው። በዓመቱ 66.25 ዶላር ወለድ ያገኛል። ዋናው 1,000 ዶላር ሲመለስለት ደግሞ 300 ዶላር ይተርፈዋል። ድምሩ 366.25 ዶላር ነው፤ ይኸውም ካወጣው ገንዘብ ከ52 በመቶ በላይ መሆኑ ነው!

እንዲህ ያለውን ትርፍ በነፃ የሚሰጥ የለም። ሻጩ 300 ዶላር ትቶ የሚሄደው ገንዘቡ በቀኑ መመለሱን ስለ ተጠራጠረ ነው። ስሌታችንም «ሁሉም በቀኑ ከተከፈለ» በሚል ቃል ላይ የቆመ ነበር። በእርግጥም በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መከፈል የነበረበት 33 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወለድ ሳይከፈል ቀረ። መንግሥት ምክንያቱ አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት መሆኑን ገለጸ፤ ለቆጣቢው ግን ያው ነው። ዋናውም ገንዘብ በቀኑ አልተመለሰም።

የተበዳሪዎችን ብቃት የሚመዝኑት ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስና ፊች ቦንዱ ሲወጣ የሰጡት ደረጃ «ቢ» ነበር። በእነርሱ ሚዛን አስተማማኝ የሚባለው ከ«ትሪፕል ቢ ማይነስ» ጀምሮ ነውና፥ ማስጠንቀቂያው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ደረጃው ከፍ ያለ ሁሉ ደግሞ ለጥንቁቅ ሰው ይስማማል አንልም። ኦስትሪያ ብድሯን በደንብ የምትከፍል አገር ናት። በ2020 እ.ኤ.አ. 0.85 በመቶ ወለድ ያለው፥ ከ100 ዓመት በኋላ የሚመለስ ቦንድ አወጣች። በ2022 እ.ኤ.አ. የገበያው ወለድ ሲጨምር የዚያ ሰነድ ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ። ኦስትሪያ አንድም ክፍያ አላጓደለችም፤ ነገር ግን አዲስ ቦንድ የተሻለ ወለድ እየከፈለ አሮጌውን በሙሉ ዋጋ የሚገዛ አይገኝም። የመመለሻው ቀን በራቀ መጠን ጉዳቱ ይከፋል።

እንግዲህ ከሦስት ዓመት በኋላ ለልጁ ትምህርት ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የመመለሻውን ቀን ነው፤ ከሦስት ዓመት ባይበልጥ ይሻለዋል፥ ያን ጊዜ በገበያ ዋጋ ለመሸጥ አይገደድምና። ቀጥሎ የተበዳሪውን ደረጃ ይጠይቃል። ትርፉን የሚያየው በመጨረሻ ነው፤ ያውም በዚያው ገንዘብና በዚያው ጊዜ ከሚከፍል አስተማማኝ ቦንድ ጋር አስተያይቶ። አንዱ 4፥ ሌላው 9 በመቶ የሚከፍል ቢሆን፥ የ5 በመቶው ልዩነት ገበያው ለሥጋቱ የቆረጠው ዋጋ ነው።