የእናትና የልጅ ወረቀት፦ የአጥንት ምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል?

(ለክሊኒካችን ተገልጋዮች በጠዋቱ የጤና ትምህርት ሰዓት ከተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አጥንት ነው። የቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክን ከአጥንት ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ። የሚያገናኘው የሦስት ወሩ መርፌ ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ በዚህ መርፌ ትጠቀማላችሁ፤ "መርፌው አጥንት ያሳሳል" የሚለውንም ወሬ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ወሬው ከነጭራሹ ሐሰት አይደለም፤ ሙሉው እውነትም አይደለም።

ነገሩን በአንድ ቤተሰብ ታሪክ ላስረዳችሁ። ባልና ሚስት ሁለት የምርመራ ወረቀት ይዘው ወደ እኔ መጡ። ሚስት 36 ዓመቷ ነው፤ ሦስት ልጆች ወልዳ ላለፉት አምስት ዓመታት በመርፌው ስትጠቀም ቆይታለች። ሁለተኛው ወረቀት የእናቷ ነው። እሳቸው 67 ዓመታቸው ነው። ከደጃፍ ላይ ተደናቅፈው ሲወድቁ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ፤ ሐኪሙም የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ አዘዘላቸው። መሣሪያው በአገራችን በጥቂት ቦታ ብቻ የሚገኝ፣ ዋጋውም ቀላል ያልሆነ ስለሆነ አሜሪካ ያለው ልጃቸው ገንዘብ ላከ። ልጅቱም ስለ መርፌው ስትሰጋ ስለነበር በዚያው ተመረመረች።

በወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ አንዱ ቲ ስኮር፣ ሌላው ዜድ ስኮር ይባላል። የልጅቱ ቲ ስኮር -1.5፣ ዜድ ስኮር -1.3 ነው። የእናትየዋ ቲ ስኮር -2.7፣ ዜድ ስኮር -1.0 ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ አንድ ዘመድ ወረቀቶቹን ተቀብሎ ለልጅቱ፣ "አጥንትሽ ሳስቷል ይላል" አላት። ለእናትየዋ ደግሞ፣ "እርስዎ ለዕድሜዎ ደህና ነዎት" አላቸው። ስለዚህ ልጅቱ መርፌውን ለማቆም ወሰነች፤ እናትየዋም ሐኪሙ የጻፈላቸውን መድኃኒት ሳይገዙ ቀሩ። ባልየው ግን ግራ ገብቶት፣ "ሲስተር፣ አራተኛ ልጅ ለማሳደግ አቅም የለንም፤ አጥንቷም እንዲሰበር አልፈልግም። ምን ይሻላል?" ብሎ ጠየቀኝ።

ዘመድየው ቁጥሩን በትክክል አንብቧል። ያነበበው ግን ለእናት የልጅን፣ ለልጅ የእናትን ቁጥር ነው። እንዴት ቢሉ፦

ምርመራው ዴክሳ ይባላል። ሴትየዋ በጀርባዋ ትተኛለች፤ መሣሪያው በላይዋ እያለፈ የታችኛውን የጀርባ አጥንትና የዳሌዋን አጥንት ያነሳል። ሕመም የለውም፤ ጨረሩም ከደረት ራጅ ያነሰ ነው። ያም ሆኖ እርጉዝ የሆነች ወይም የምትጠራጠር ሴት አስቀድማ መናገር አለባት። መሣሪያው የሚለካው በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር አጥንት ላይ ስንት ግራም ማዕድን እንዳለ ነው። የእናትየዋ የዳሌ አንገት 0.55 ግራም ሆነ። ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ከአንድ ነገር ጋር መወዳደር አለበት።

ቲ ስኮር የሚያወዳድረው በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ካሉ ጤነኛ ወጣት ሴቶች ጋር ነው። የእነሱ አማካይ በዳሌ አንገት ላይ 0.85 ያህል ነው። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ከአማካዩ በላይና በታች ያለው ልዩነት በእርከን ይከፈላል፤ አንዱ እርከን እዚህ ላይ 0.11 ያህል ነው። እንግዲህ 0.55ን ከ0.85 ስንቀንስ 0.30 ይጎድላል፤ 0.30 ለ0.11 ሲካፈል 2.7 እርከን ይሆናል። የጎደለ ስለሆነ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይደረግበታል፤ -2.7 የመጣው ከዚህ ነው።

ዜድ ስኮር ግን የሚያወዳድረው ከእኩያ ሴቶች ጋር ነው። የስድሳ ሰባት ዓመት ሴቶች አማካይ 0.66 ያህል ቢሆን እናትየዋ የሚያንሳቸው አንድ እርከን ብቻ ነው፤ -1.0 ማለት ነው። አጥንቱ ያው አንድ አጥንት ነው፤ የተለወጠው ከጎኑ የቆመው ሰው ነው።

በአንድ ዘመን የተሠሩ አሮጌ የጭቃ ቤቶችን አስቡ። አንዱን ቤት ከጎረቤቶቹ ጋር ብናስተያየው "ደህና ነው" እንላለን። ግን ሁሉም ምስጥ የበላቸው ከሆኑ ክረምት ሲገባ የእሱም ግድግዳ መውደቁ አይቀርም። ከማረጥ በኋላ የሴት ልጅ አጥንት በአብዛኛው ስለሚሳሳ፣ ከእኩያ ጋር እኩል መሆን ከስብራት አያድንም። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ፣ ላረጡ ሴቶች የሚታየው ቲ ስኮር ነው። ከ-1.0 ጀምሮ ወደ ላይ ደህና ነው፤ በ-1.0 እና በ-2.5 መካከል ያለው ሳሳ ያለ ነው፤ -2.5 እና ከዚያ በታች የሆነው ኦስቲዮፖሮሲስ፣ ማለትም በቀላሉ ሊሰበር የሚችል አጥንት ይባላል። እናትየዋ በዚህ በመጨረሻው ውስጥ ናቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ ከቁመታቸው ልክ ወድቀው እጃቸው ተሰብሯል። ጤነኛ አጥንት እንዲህ ባለ አወዳደቅ መሰበር ስለማይገባው፣ ቁጥሩ ከዚህ የተሻለ ቢሆን እንኳ ይህ ስብራት ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። የወር አበባዋ ላልተቋረጠ ሴት የሚታየው ዜድ ስኮር ነው። ወንድም ከሆነ ከ50 ዓመት በታች በዜድ ስኮር፣ ከዚያ በላይ በቲ ስኮር ይታያል። የወጣቷ ዜድ ስኮር -2.0 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ "ለዕድሜዋ ከሚጠበቀው በታች" ይባላል። ያኔም ቢሆን በቁጥሩ ብቻ ኦስቲዮፖሮሲስ አይባልም፤ ሐኪሙ ምክንያቱን ይፈልጋል። የእንቅርት ሆርሞን መብዛት፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ መውሰድ፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት፣ ያለ ዕድሜ ማረጥ፣ ከልክ ያለፈ ክሳት ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። የእኛዋ እህት ግን -1.3 ናት፤ ከእኩዮቿ መካከል ናት። በወረቀቱ ላይ "ሳሳ ያለ" የሚለው ቃል የታተመው ማሽኑ የአሮጊቷን መለኪያ ለእሷም ስላወጣላት ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ሲያስደነግጥ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ታዲያ መርፌው ምንም አያደርግም ማለት ነው? ያደርጋል። ዲፖ ፕሮቬራ ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ አጥንት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጥንካሬው ጥቂት ይቀንሳል። በ2004 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚህ ምክንያት ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አሳትሞበታል፤ ሌላው ዘዴ የማይስማማት ካልሆነች በቀር ሴት ከሁለት ዓመት በላይ እንዳትጠቀምበትም መክሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2005 እ.ኤ.አ. መረጃውን መርምሮ ከ18 እስከ 45 ዓመት ላሉ ሴቶች የጊዜ ገደብ አያስፈልግም ብሏል። ከ18 በታችና ከ45 በላይ ላሉትም ጥቅሙ በአብዛኛው ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ገልጿል። መርፌው ሲቆም የተቀነሰው ማዕድን በጊዜ ብዛት ይመለሳል። መርፌ ስለተወጋች ብቻ እያንዳንዷን ሴት ዴክሳ ማስነሳትም አያስፈልግም። እኔ ግን አንዲት ሴት ከአርባ አምስት ዓመት ካለፈች፣ ወይም ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ከወሰደች፣ ወይም በቀላል አወዳደቅ አጥንቷ ተሰብሮ ከሆነ፣ ሌላ ዘዴ እንድትመርጥ አማክራታለሁ። ሉፕ ከአጥንት ጋር ምንም ንክኪ የለውም።

ለባልና ሚስቱ ይህን ነገርኳቸው፦ በወረቀቱ ምክንያት መርፌው የሚቆምበት ነገር የለም። ልባችሁ ካላረፈ ደግሞ ዘዴ መቀየር መብታችሁ ነው፤ ግን መርፌውን ትታችሁ ባዶ እጃችሁን አትቀመጡ፣ ሌላው ዘዴ የሚጀመረው ሳይዘገይ ነው። ተመካክረው ሉፕ መረጡ። ምክንያታቸውም አጥንት ብቻ አልነበረም፤ በየሦስት ወሩ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ ሰልችቷት ነበር።

እናትየዋን ግን በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪማቸው እንዲመልሷቸው አጥብቄ ነገርኳቸው። የታዘዘላቸው አለንድሮኔት የሚባል በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ ባለ 70 ሚሊ ግራም ክኒን ነው። ከመጀመሩ በፊት የካልሲየም፣ የቫይታሚን ዲና የኩላሊት ምርመራ ይደረጋል። ክኒኑ የሚዋጠው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መብላትም ሆነ ቡናና ሻይ መጠጣት፣ ጋደም ማለትም አይቻልም፤ ክኒኑ ጉሮሮን ያቆስላል። እሳቸው ክኒን የሚውጡት በቡና ስለሆነ ይህን ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው። እኩሌታው ሕክምና ደግሞ ቤት ውስጥ ነው፦ ከደጃፉ ላይ የሚያደናቅፈውን ምንጣፍ ማንሳት፣ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ መብራት ማብራት፣ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት እንደሆነ ማስመርመር።

ምርመራው የሚደገመው ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሲደገም በዚያው መሣሪያ ቢሆን ይመረጣል፤ የአንዱ መሣሪያ ቁጥር ከሌላው ጋር ልክ ለልክ አይገጥምምና። በእርጅና ወገባቸው በሪህ የደደረ ሰዎች የጀርባ አጥንታቸው ከእውነቱ የጠነከረ መስሎ ስለሚነበብ፣ የዳሌው ቁጥር ይበልጥ ይታመናል። ስለዚህ አሮጌውን ወረቀት አትጣሉት። ወደ እኛ ስትመጡም ዕድሜያችሁን፣ የወር አበባችሁ መቼ እንደቆመ ወይም እንዳልቆመ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉና ከዚህ ቀደም የተሰበራችሁት አጥንት ካለ በምን ዓይነት አወዳደቅ እንደሆነ ንገሩን።