ሊቲየም፦ በጸጥታ የሚመጣ መመረዝ



አንዲት ታማሚን በምሳሌነት እናንሳ። ለዓመታት ሊቲየም ስትወስድ ቆይታለች፤ በደሟ ያለው መጠንም 0.8 ሚሊሞል በሊትር ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ ትውላለች። በዚያው ሳምንት ተቅማጥ ያዛት፤ ለጉልበቷ ሕመምም እዚህ ልደታ ከሚገኝ መድኃኒት ቤት አይቡፕሮፌን ገዝታ መውሰድ ጀመረች። የሊቲየም ኪኒኗን ግን አልጨመረችም።

ታዲያ መጠኑ ስለምን ከፍ ይላል? ሊቲየም ከሰውነት የሚወገደው በኩላሊት ነው። ውኃና ጨው ሲያንስ ኩላሊት ሶዲየምን ወደ ደም አጥብቆ ይመልሳል፤ ሊቲየምንም አብሮ ይመልሰዋል። አይቡፕሮፌን ደግሞ የኩላሊትን የደም ፍሰት የሚጠብቁትን ፕሮስታግላንዲኖች ስለሚቀንስ፣ የሚወገደው ሊቲየም ይበልጥ ያንሳል።

ክምችቱ በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚያድግ ጅማሬው አይታወቅም። ቀድሞ ስስ የነበረው የእጅ መንቀጥቀጥ ይጎላል፤ ከዚያ እርምጃ ይዛነፋል፣ ንግግር ይጎተታል። ቤተሰብ የጾም ድካም ነው ሊል ይችላል። የደም ምርመራውም ሊያዘናጋን ይችላል፤ ሊቲየም ከአንጎል የሚወጣው ከደም ዘግይቶ ነውና፣ ቁጥሩ መጠነኛ ሆኖ ሳለ መመረዙ ሊኖር ይችላል።

በመደበኛው ክትትል ደም የሚቀዳው ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት በኋላ ነው። እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ግን ሰዓቱ አይጠበቅም፤ ሊቲየሙና አይቡፕሮፌኑ ይቆማሉ፣ የሊቲየሙ መጠንና የኩላሊቱ ሥራም ወዲያውኑ ይመረመራሉ።