ፎቶ የተነሳ ፕላን ስንት ለስንት ነው?

የዛሬው ጉዳዬ በአንድ ወረቀት ጥግ ላይ የሚገኝ አጭር ጽሑፍ ነው። አንድ የመኖሪያ ቤት ፕላን በኤ3 ወረቀት ላይ ተሠርቶ ከግርጌው «ስኬል 1 ለ 100» ተብሎ ተጽፎበታል እንበል። የቤቱ ባለቤት ፕላኑን በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለዘመዱ ይልከዋል። ዘመድየውም በኤ4 ወረቀት አትሞ፣ ማስመሪያ አንስቶ፣ የመኝታ ቤቱን ስፋት ይለካል። ወረቀቱ ተለውጧል፣ ሥዕሉ አንሷል፣ «1 ለ 100» የሚለው ጽሑፍ ግን ከነግርማው እዚያው ተቀምጧል። እኔ የምለው፣ ያ ጽሑፍ የሚመሰክረው ስለ መጀመሪያው ወረቀት ብቻ ነው፤ በእጃችን ያለው ህትመት የራሱ ስኬል አለው፣ ያንን ስኬል ማወቅ የሚቻለውም ከራሱ ከህትመቱ ላይ ለክቶ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ስኬል ምን እንደሆነ ማስታወስ ይበቃል። 1 ለ 100 ማለት በወረቀቱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የሆነው በመሬት ላይ 100 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስኬል የሁለት ርዝመቶች ንጽጽር ነው፤ ከሁለቱ አንዱ፣ የወረቀቱ፣ ከተለወጠ ንጽጽሩም አብሮ ይለወጣል። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ደግሞ ከነጭራሹ ርዝመት የለውም። በጣት ስናሰፋው ይሰፋል፣ ስናጠበው ይጠባል፤ ሚሊ ሜትር የሚኖረው ሲታተም ነው፣ ስንት እንደሚሆን የሚወስኑትም ፎቶው ከጠርዙ ምን ያህል እንደተቆረጠና ፕሪንተሩ ገጹን ለመሙላት ምን ያህል እንደለጠጠው ወይም እንዳጠበው ናቸው። በመንገዱ ላይ ስኬሉን የሚጠብቅ ማንም የለም።

ከዚህ ሁሉ ለውጥ የሚተርፍ አንድ ነገር አለ፤ እሱም በፕላኑ ላይ በቁጥር የተጻፈ ልክ ነው። «12.40» የሚለው ቁጥር ወረቀቱ ቢጠብም ቢሰፋም 12 ሜትር ከ40 ነው። የሂሳቡ መሠረት ይኸው ነው። በያዝነው ህትመት ላይ የቤቱ የውጭ ርዝመት 12.40 ሜትር ተብሎ ተጽፏል፤ ያው ርዝመት በማስመሪያ ሲለካ 93 ሚሊ ሜትር ወጣ እንበል። 12,400 ሚሊ ሜትር ለ93 ሲካፈል 133.3 ይሆናል። የህትመቱ ትክክለኛ ስኬል 1 ለ 133 ገደማ ነው፤ በወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 13.3 ሴንቲ ሜትር ይወክላል። ልክ ያልተጻፈበት መኝታ ቤት በህትመቱ ላይ በአግድም 27፣ በቁመት 24 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የተጻፈውን ስኬል ያመነ ሰው 2.70 በ2.40 ብሎ ይመዘግባል፤ አልጋና ቁምሳጥን አብረው የማይገቡበት ክፍል ነው። በአግድም ያለው እውነተኛ ልክ ግን 27 ጊዜ 13.33፣ ማለትም 3.60 ሜትር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቸኩሎ ቁመቱንም በዚያው ቁጥር ያባዛል፤ 24 ጊዜ 13.33፣ ማለትም 3.20 ሜትር ይሆናል። ይህ የሚያስኬደው ሥዕሉ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከጠበበ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽን ብዙውን ጊዜ እኩል ያጠባል፤ ስልክ ግን ለዚህ አይታመንም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልክ ጋር ማዕዘን የሚሠራ ሌላ የተጻፈ ልክ መፈለግ ያስፈልጋል። በምሳሌያችን የቤቱ ወርድ 9.60 ሜትር ተብሎ ተጽፏል። ስኬሉ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ቢሆን ይህ ወርድ 72 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት፤ ሲለካ ግን 70 ወጣ። 9,600 ለ70 ሲካፈል 137 ነው። በቁመት ያለው ስኬል ሌላ ነው ማለት ነው፣ የመኝታ ቤቱም ቁመት 3.20 ሳይሆን 3.29 ሜትር ገደማ ይሆናል። 9 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ግድግዳ ከግድግዳ የሚገጥም ቁምሳጥን ላዘዘ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ለወለል ሴራሚክ የሚያስፈልገውን ስፋት ብናሰላ፣ በሁለቱ ስኬሎች 11.8 ካሬ ሜትር ይወጣል፤ በተጻፈው 1 ለ 100 ያሰላው ሰው የሚያገኘው 6.48 ነው። በርዝመት ላይ ያለ ስህተት በስፋት ላይ ራሱን በራሱ ስለሚያባዛ ሴራሚኩ ግማሽ ወለል ላይ ያልቃል።

ሁለቱ አቅጣጫዎች ለምን ይለያያሉ? ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ካልተያዘ፣ ከሌንሱ የራቀው ጠርዝ አንሶ፣ የቀረበው ገዝፎ ይታያል፤ አራት ማዕዘኑም ወደ ራቀው ጠርዝ የጠበበ ቅርጽ ይይዛል። ወረቀት የሚቃኙ የስልክ አፖች ይህን አስተካክለው ማዕዘኖቹን ቀጥ ያደርጋሉ፤ የወረቀቱን ቁመትና ወርድ ምጥጥን ግን አንዳንዴ በግምት ስለሚሞሉት፣ ሥዕሉ ፍጹም ቀጥ ብሎ በአንድ ወገን የተጨመቀ ሊሆን ይችላል። የእኛ ምሳሌ እንዲህ ያለው ነው። አፑ ያልነካው ፎቶ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ያው 12.40 ሜትር በቤቱ የላይኛው ጠርዝ 93፣ በታችኛው 88 ሚሊ ሜትር ሊወጣ ይችላል። ያኔ ስኬሉ ከላይ 1 ለ 133፣ ከታች 1 ለ 141 ነው፣ በመካከል ያለው ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል፤ ለወረቀቱ ሁሉ የሚሆን አንድ ቁጥር አይገኝም። ይህን ለመለየት ሁለቱን ሰያፎች ለክቶ ማወዳደር በቂ የሚመስላቸው አሉ። ሰያፎች እኩል መሆናቸው ግን ዋስትና አይሆንም፤ ከላይ በሁለቱም ጎን እኩል የጠበበ ቅርጽም ሰያፎቹ እኩል ናቸውና። መመሳከር ያለባቸው ተቃራኒ ጠርዞች ናቸው፤ የላይኛው ከታችኛው፣ የግራው ከቀኙ። የማይገጥሙ ከሆነ ፎቶው እንደገና ይነሳ፤ ወረቀቱ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተዘርግቶ፣ ስልኩ ከመሀሉ በላይ ራቅ ብሎ። ቀረብ ብለው ሲያነሱት ጠርዝ አካባቢ ያሉ ቀጥታ መስመሮች ይጎብጣሉ፤ ማስመሪያ ሲያስጠጉባቸው ይታያል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ የወረቀት መጠኖች ዝምድናቸው የታወቀ ነው፤ ከኤ3 ወደ ኤ4 ሲታተም እያንዳንዱ ርዝመት ወደ 70.7 በመቶ ይወርዳል፣ 1 ለ 100 የነበረው 1 ለ 141 ይሆናል፣ መለካቱ ለምን አስፈለገ? ሂሳቡ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን ሙሉው ኤ3 ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሙሉውን ኤ4 ሲሞላ ብቻ ነው። ፎቶ አንሺው ባዶውን ህዳግ ከቆረጠ ሥዕሉ ይገዝፋል፤ በእኛ ምሳሌ 141 የተጠበቀው 133 የሆነው በዚህ ነው። ቀመሩን ያመነ ሰው 3.60 የሆነውን ክፍል 3.82 ይለዋል። የከፋው ደግሞ አሜሪካ ባለ ዘመድ እጅ ይገኛል። እዚያ ፕሪንተሩ ውስጥ ያለው ኤ4 ሳይሆን ሌተር የሚባለው ወረቀት ነው፤ ቁመቱ 279 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የኤ4 ግን 297 ነው። በኤ4 በ1 ለ 100 የተዘጋጀ ፋይል ሌተር ላይ ሙሉ ገጹ እንዲገባ ተደርጎ ሲታተም ወደ 94 በመቶ፣ የፕሪንተሩ ህዳግ ሲጨመር ከዚያም በታች ይጠባል። 3.60 ሜትር የሆነው ክፍል 3.38 ሆኖ ይነበባል። 2.70 ሲነበብ ሰው ይደነግጣል፣ ይጠይቃል፤ 3.38 ግን ጤነኛ ቁጥር ስለሚመስል ማንም አይጠይቅም። በእኔ ግምት ከሩብ ስህተት ይልቅ የ6 በመቶ ስህተት ብዙ ገንዘብ ያባክናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ የተጻፈ ልክ ባይኖርም በር አለ፣ በር 90 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከእሱ መነሳት ይቻላል የሚል ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ የሚያፈርሰው የበሩ ትንሽነት ነው። በ1 ለ 133 ላይ የ90 ሴንቲ ሜትር በር 6.75 ሚሊ ሜትር ነው። ዐይን በማስመሪያ ላይ 6.5 ብሎ ካነበበው ስኬሉ 138 ይሆናል፣ 7 ካለው 129። በዚህ የተነሳ ያው 27 ሚሊ ሜትር ክፍል በአንደኛው ንባብ 3.74፣ በሌላው 3.47 ሜትር ይወጣል፤ በግማሽ ሚሊ ሜትር የንባብ ልዩነት 27 ሴንቲ ሜትር። ያው ግማሽ ሚሊ ሜትር በ93ቱ ላይ ቢሳሳት መኝታ ቤቱ ላይ የሚያመጣው ልዩነት 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መነሻ የሚሆነው ልክ በገጹ ላይ ካሉት ረጅሙ ይሁን የምንለው ለዚህ ነው። ከዚህም በላይ በሩ የመጸዳጃ ቤት ከሆነ 70 ሊሆን ይችላል፣ 90 የተባለውም የብሎኬቱ ክፍተት ይሁን የበሩ ቅጠል አይታወቅም። በር ለማመሳከሪያ ይሁን፤ ስኬሉ ወጥቶ ዋናው በር 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሂሳቡ አንድ ቦታ ተበላሽቷል ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ ሊታለፍ አይገባም። በፕላን ላይ የተጻፈው ልክ ከየት እስከ የት እንደሆነ ሳይታይ ስኬል አይወጣም። አንዳንዱ መስመር ከግድግዳ መሀል እስከ ግድግዳ መሀል፣ ማለትም ከአክሲስ እስከ አክሲስ ይለካል፤ ሌላው ከውጭ እስከ ውጭ። ማስመሪያውም በህትመቱ ላይ ያንኑ መነሻና መድረሻ መያዝ አለበት። ግድግዳው ባለ 20 ብሎኬት ከሆነ፣ ከአክሲስ እስከ አክሲስ 3.60 የሆነው ክፍል ከብሎኬት እስከ ብሎኬት 3.40 ነው፤ በሁለቱም ወገን 2.5 ሴንቲ ሜትር ልስን ሲቀነስ የሚኖርበት ስፋት 3.35 ይሆናል። ግድግዳውን ራሱን ከህትመቱ ላይ ለመለካት መሞከር ደግሞ ከንቱ ነው፤ በ1 ለ 133 የ20 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ 1.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የቀለሙ ውፍረት ብቻ ያሳስታል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከባለሙያዎቹ የሚመጣ ነው፦ ከሥዕል ላይ በማስመሪያ አይለካም፣ የተጻፈው ቁጥር ይበልጣል። በዚህ እስማማለሁ፤ ይህ ስሌትም ቆሞ የሚሄደው በተጻፈው ቁጥር ላይ ተመርኩዞ ነው። የማልስማማው ከዚህ ተነስቶ ህትመቱ ምንም አይናገርም ሲባል ነው። ሴራሚክ ለመገመት፣ ሶፋው ሳሎኑ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ለማየት፣ ሁለት ፕላኖችን ለማወዳደር ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሳሳት ልክ ይበቃል። መሠረት ለመቀየስ፣ የብረት ርዝመት ለማዘዝ፣ በልኩ የሚሠራ በርና መስኮት ለማስቆረጥ ግን አይበቃም፤ ለእነዚህ ከአርክቴክቱ ዋናው የፒዲኤፍ ፋይል ይጠየቅ፣ ሲታተምም «Fit» የሚለው ሳይሆን «Actual size» ይመረጥ፣ ከወጣ በኋላም አንድ የተጻፈ ረጅም ልክ በማስመሪያ ይፈተሽ። ፎቶ የተነሳውን ህትመት ይዞ የሚቀጥል ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «1 ለ 100» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዞ፣ ከጎኑ «በአግድም 1 ለ 133፣ በቁመት 1 ለ 137» ብሎ ይጻፍበት፤ ወረቀቱ ነገ ወደ ግምበኛው ወይም ወደ ሴራሚክ ሻጩ እጅ ሲገባ እነሱ የሚያነቡት ጥጉ ላይ ያለውን ነው።