ከየት ተነስቶ ነው የሚለካው?

ዛሬ የማወራችሁ አውቶካድን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትከፍቱ ነው። በማውስ በግምት የተጫነ ነጥብ ስክሪን ላይ ልክ ይመስላል፤ ልኬቱ ሲወጣ ግን 6000 ያላችሁት ግድግዳ 5987 ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ነጥቡን በቁጥር እንጻፈው። ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት ግን ከየት ተነስታችሁ እንደምትለኩ ወስኑ፤ የአጻጻፍ መንገዶቹን መጀመሪያ የሚለያቸው ይኸው ነው።

አንድ ቤት እንሳል። ጣሪያው በሁለት በኩል የሚፈስ ነው፤ የምንስለው የጎን ግድግዳውን ነው። ወርዱ 6 ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 3 ሜትር፣ የጣሪያው ተዳፋት 30 ዲግሪ ነው፤ በሚሊሜትር እንሠራለን። መጀመሪያ F12ን ተጭናችሁ ከጠቋሚው አጠገብ የሚከተለውን የቁጥር ሳጥን አጥፉት፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ከታች ባለው የትእዛዝ መስመር ላይ እንዲህ ጻፉ፤ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ Enter ተጫኑ።

```
L
0,0
6000,0
@0,3000
@3464.1<150
0,3000
C
```

L መስመር መሳያው ነው። 0,0 እና 6000,0 የሚለኩት ከሥዕሉ መነሻ ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር X፣ ማለትም ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው Y፣ ማለትም ወደ ላይ ነው። ይህ አብሶሉት ይባላል። ቀጥሎ የቀኙ ግድግዳ ወደ ላይ ይቆማል። እዚህ ከመነሻው መቁጠር አያስፈልገንም፤ አሁን ካለንበት ነጥብ 3000 ወደ ላይ ብቻ ነው የምንፈልገው። @ የምትለው ይህንኑ ነው፦ «ካቆምኩበት ነጥብ»። ይህ ሬላቲቭ ነው።

ጣሪያው ላይ ስንደርስ ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ላይ ስንት የሚለውን ገና አላሰላንም፤ የምናውቀው ርዝመትና አቅጣጫ ነው። ይህ የፖላር ቦታ ነው፤ ከ < በፊት ርዝመት፣ ከኋላ ማዕዘን ይጻፋል። አውቶካድ ማዕዘን የሚቆጥረው ከቀኝ ተነስቶ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው፤ ቀኝ 0፣ ላይ 90፣ ግራ 180። እኛ ወደ ግራ ሆነን በ30 ዲግሪ ስለምንወጣ 180 ሲቀነስ 30፣ 150 ይሆናል። ርዝመቱ የወርዱ ግማሽ 3000 ለ0.866025 ሲካፈል የተገኘ ነው።

በግራ በኩል ስንወርድ @3464.1<210 ማለት እንችል ነበር። እኔ ግን 0,3000 ብዬ ወደ አብሶሉት የተመለስኩት በምክንያት ነው። 3464.1 የተጠጋጋ ቁጥር ነው፤ ሁለት ጊዜ ብንጠቀምበት የግራው ግድግዳ አናት በዓይን በማይታይ መጠን ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ ግድግዳውም ፍጹም ቀጥ ብሎ አይቆምም። ቦታውን በትክክል የምታውቁትን ነጥብ ከመነሻው ጻፉት። C ደግሞ መስመሩን ወደ መጀመሪያው ነጥብ መልሶ ይዘጋዋል።

ስህተት ሲፈጠር ሥዕሉ ራሱ ይናገራል። @ን ረስታችሁ ሦስተኛውን ነጥብ 0,3000 ካላችሁ መስመሩ ቀጥ ብሎ በመቆም ፈንታ ቤቱን በሰያፍ አቋርጦ ወደ ግራ ይሄዳል። ፖላሩ ላይ ከረሳችሁት ደግሞ ከ0,0 ስለሚለካ ከቤቱ ውጪ በግራ በኩል ያርፋል። U ብላችሁ አንድ ነጥብ ብቻ መልሱ፤ ሁሉንም አታጥፉ። F12 በርቶ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከሁለተኛው ነጥብ ጀምሮ ያለ @ የጻፋችሁትንም ካቆማችሁበት ይለካዋል፤ ከመነሻው እንዲለካ #0,3000 ብላችሁ መጻፍ አለባችሁ። ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጡ ሥራችሁ «አልሠራ አለ» የምትሉት ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። ከኮማው በኋላ ስፔስ አትጨምሩ፤ አውቶካድ ስፔስን እንደ Enter ይቆጥረዋል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነም የምትጽፉት ፣ ኮማ አይሆንለትም።

የይዞታ ካርታ ላይ ያሉ የማዕዘን ነጥቦችን ስታስገቡ አብሶሉት ተጠቀሙ፤ X የምሥራቁ፣ Y የሰሜኑ ቁጥር ነው፣ ከተቀያየሩ ቦታው ይገለበጣል። ቁጥሮቹ ትልልቅ ስለሆኑ ሥዕሉ ከስክሪኑ ይጠፋል፤ Z ከዚያም E ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

አሁን መስኮት እናስገባ። ቤቱ ከመነሻው ርቆ ተስሏል እንበል፤ መስኮቱ ከግራ ታችኛው ጥግ 2250 ወደ ቀኝ፣ 900 ወደ ላይ ይጀምራል።

```
ID
END
REC
@2250,900
@1500,1200
```

ID ካላችሁ በኋላ በግምት እንዳይሆን END ብላችሁ ጥጉን በማውስ ተጫኑ፤ የነጥቡን X እና Y ያነብላችኋል፣ ያንንም ነጥብ «ያቆምኩበት» አድርጎ ይይዘዋል። የመጀመሪያው @ ከዚያ ጥግ ይለካል፤ ሁለተኛው ከመስኮቱ ጥግ። አሁን ወደየኮምፒውተራችሁ ሂዱና ይህንኑ ግድግዳ ሳሉት፤ ስትጨርሱ የጣሪያውን ጫፍ በዚሁ መንገድ በID እና በEND ጫኑት፤ Y ወደ 4732 መሆን አለበት።